አልገጥም ያለው የካሳ ማጠቃለያ

በዚያ ክረምት ሐይቅ ከተማ በአንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ የካሳ ሠራተኛ ነበርኩ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም መጣና፣ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በእጃችን ባሉ ፋይሎች እንድንሞክረው ታዘዝን። እኔ የመረጥኩት ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ያላቸውን እናት ፋይል ነበር። ምግብ ቤቱን ኤሌክትሪክ አቃጥሎባቸው ክፍያ ይጠብቁ ነበር፤ ሙከራውም ክፍያውም አብሮ ያልቃል ብዬ ነው።

የጉዳቱ ዝርዝር ግልጽ ነበር። ጣሪያው መቶ ሰማንያ ሺህ፣ ሁለቱ ዓሣ ማቆያ ፍሪጆች ዘጠና ሺህ፣ ወንበርና ጠረጴዛው ስድሳ ሺህ፣ የተቃጠለው ሸቀጥ ሠላሳ ሺህ ብር። ሲደመር ሦስት መቶ ስድሳ ሺህ። በውላቸው መሠረት ከጠቅላላ ጉዳቱ አሥር በመቶው በደንበኛዋ ይሸፈናል፤ ይህ ተቀናሽ ግን ከሃያ ሺህ አያንስም። ስለዚህ ተቀናሹ ሠላሳ ስድስት ሺህ፣ የሚከፈላቸው ሦስት መቶ ሃያ አራት ሺህ ብር ነው።

ሲስተሙ ያተመው ማጠቃለያ ድምሩን በትክክል ጽፏል። ተቀናሹንም ሠላሳ ስድስት ሺህ ብሏል። ተከፋይ በሚለው ላይ ግን ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ተጽፏል።

የተሳሳትኩ እኔ መስሎኝ እንደገና አስገባሁት። ያው ነው። ጣሪያውን ብቻ ሳስገባ ገጠመ። ፍሪጆቹን ስጨምር ተዛባ። ያኔ ገባኝ፤ ሃያ ሺሁን ዝቅተኛ ተቀናሽ ከጠቅላላው አንድ ጊዜ በማየት ፈንታ፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ለየብቻ ይቆርጠዋል። አራት ዕቃ፣ ሰማንያ ሺህ። የሚያትመው ተቀናሽ ግን ትክክለኛው ነው። ወረቀቱ ራሱን ይክዳል።

ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ።

«ድምሩ ትክክል ነው?» አለኝ የሲስተሙ ኃላፊ።

«ትክክል ነው።»

«ተቀናሹስ?»

«እሱም ትክክል ነው። ከድምሩ ላይ ሲቀነስ ግን ተከፋዩን አይሰጥም።»

«መዝግበነዋል። ይስተካከላል።»

«እስከዚያ በአሮጌው ልክፈል?»

«አሮጌው ተዘግቷል።»

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደሉም። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ቼክ የሚወጣው ከሲስተሙ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

እናትየዋ ነጭ ሻሻቸውን ተከናንበው ሲመጡ እውነቱን ነገርኳቸው። የሚገባቸው ይህን ያህል እንደሆነ፣ ሲስተሙ የሚያወጣው ደግሞ ያንን እንደሆነ።

«መቼ ይስተካከላል?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ይህን ተቀብዬ ቀሪውን ኋላ ብወስድስ?»

«ሲቀበሉ የሚፈርሙበት ወረቀት፣ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም ይላል።»

መስከረም ሲጠባ የግሸን ተሳላሚዎች በአውቶቡስ በሐይቅ ያልፋሉ፤ እናትየዋ የዓመቱን ገቢያቸውን የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው። ጣሪያ የሌለው ቤት ደግሞ እንግዳ አያስተናግድም።

«አይፈርሙ፤ ትንሽ ይጠብቁ» አልኳቸው።

«ዝናቡ ይጠብቀኛል እንዴ ልጄ?»

ፊቴን አይተው፣ «አብሽር፣ አንተ ምን በወጣህ» አሉኝ። ያጽናናሁ እኔ መሆን ነበረብኝ።

ፈረሙ። እኔ ከፊርማቸው ሥር «ልዩነቱ አርባ አራት ሺህ ብር ይታይላቸው» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አዩትና፣ ሰነድ ላይ እንዲህ አይጻፍም ብለው በሌላ ቅጂ እንደገና አስፈረሟቸው።

ሲስተሙ የተስተካከለው ተሳላሚው ሄዶ ተመልሶ ካለቀ በኋላ ነው። እንድፈትሽ ሲነገረኝ ሆን ብዬ የእርሳቸውን ዕቃዎች አስገባሁ። ሦስት መቶ ስድሳ፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሦስት መቶ ሃያ አራት። ሁሉም ገጠመ። ሥራ አስኪያጁ «እሰይ!» አሉ፤ ሙከራው አልፏል ተብሎ ተመዘገበ።

የዚያን ሙከራ ማጠቃለያ ይዤ ፋይላቸው እንደገና እንዲከፈት ጠየቅኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ደንበኛዋ ፈርመው የተዘጋ ነው አለ። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። ሁለተኛም ጻፍኩ።

ኅዳር ላይ ምግብ ቤቱን ላየው ሄድኩ። በገንዘቡ ጣሪያው ተመልሶ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ ፍሪጅ ግን አንድ ብቻ ነው የተገዛው። እናትየዋ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ይከራከራሉ፤ ማቆያው ስለማይበቃቸው ከሚያመጡላቸው ግማሹን ይመልሱባቸዋል።

«መጣ እንዴ መልሱ?» አሉኝ ገና ከሩቅ።

«አልመጣም።»

«ይሁን፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ወንበር ሳቡልኝ። ተቀመጥኩ።