ከጤና ጣቢያው በር አጠገብ ያለው ሰማያዊ ቦታ

አጎቴ ዱባይ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ስኳር በሽታ አንድ እግሩን ካሳጣው በኋላ ነው ቆቦ የተመለሰው። ቁስሉን ሊያሳጥብ ሲሄድ በባጃጄ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት የማሽላው ማሳ በአቧራና በጭጋግ መሀል የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ እሱ ከኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ሰማያዊ ቀለም ያወራል።

ዱባይ ለአካል ጉዳተኛ በሰማያዊ የሚከለል ማቆሚያ አለ፤ ፈቃዱ ግን እንዲሁ አይታደልም ይለኛል። ጠያቂው መራመድ እንደሚከብደው የሐኪም ማስረጃ ያቀርባል። እግሩ የተሰበረም እስኪድን ጊዜያዊ ያገኛል። የፈቃዱ ካርድ በመኪናው መስታወት በኩል መታየት አለበት፤ ደግሞ የሰውየው እንጂ የመኪናው አይደለም። ባለፈቃዱን ሳይዝ የቆመ ሹፌር አንድ ሺህ ድርሃም ይቀጣል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይም ጥቁር ነጥብ ይመዘገብበታል። ባለ ስንት ማዕረጉን ቀጥቻለሁ እያለ ይስቃል። ለእኔ ግማሹ ሕልም ነበር።

የእኛ ጤና ጣቢያ በር የባጃጅ ተራ ነው። ሰልፉ መግቢያውን ስለሚዘጋው አጎቴን አስፋልቱ ዳር አውርጄ፣ በድንጋዩ ላይ እየደገፍኩ አስገባዋለሁ። አንድ ቀን ወደቀና ቁስሉ እንደገና ተከፈተ። ነርሷ እንዲህ ከቀጠለ እግሩ ከፍ ብሎ ዳግም ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረችን። ፈራሁ።

ተራ አስከባሪውን አማከርኩት። ሹፌሮቹን ሰብስቦ ካስማማ በኋላ ከበሩ አጠገብ አንድ ቦታ ሰማያዊ አስቀባ። የሚሰጥ ካርድ የለንም፤ መራመድ ያቃተውን የጫነ ይቆምበታል፣ ያለዚያ የቆመ ከተራው መጨረሻ ይሰለፋል ተባለ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ስንደርስ ከሮቢት የሚመጣው ልጅ፣ አንዱ ሹፌር፣ ባዶ ባጃጁን አቁሞበት ጭቅጭቅ ተነሥቷል። የአጎቴን መድኃኒት ሊቀበልለት ነው የመጣው። እኛ ዘንድ ለታማሚ የሚላላክ ሰው ወፍጮ ቤትም ቢሆን ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ የአጎቴ መብት አብሮት የመጣ መስሎታል። ተራ አስከባሪውም ተቸግሮ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ወንድሜ፣ ለመድኃኒቱ አላህ ይስጥልኝ» አለው አጎቴ። «ቦታው ግን ለመድኃኒት አይደለም፣ ለእግር ነው። መጨረሻ ተሰለፍ።»

ልጁ እያጉረመረመ ሄደ። ባለውለታውን በሰው ፊት መቅጣቱ አሳፈረኝ፤ ምን ዓይነት ይሉኝታ የለሽ ነው አልኩ በሆዴ። ከዚህ በኋላ ማን ይታዘዝለታል ብዬም ሰጋሁ።

በሌላ ቀን ስንመጣ ቦታው ተይዟል። ያው ልጅ ነው። ደሜ ፈልቶ ልወርድ ስል አጎቴ ትከሻዬን ያዘኝ። ልጁ እግሯ በእንጨት የታሰረ ከጎብዬ የመጣች ገበሬ ሴት አቅፎ እያወረደ ነበር።

«አብሽር፣ እንጠብቃታለን» አለኝ አጎቴ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ዞር ብዬ ሳየው እያለቀሰ ነው፤ ከተመለሰ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።