ቡናን በስብሰባ የተውኩ ሰሞን

በደርግ ጊዜ የመርካቶ ልብስ ሰፊዎች በማኅበር ተደራጅተን ነበር። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ የሚባል ነገር አለ፤ ተራው የደረሰው ይነሳና ጥፋቱን ይናገራል። አስቸጋሪው ጥፋቱን መምረጥ ነው። ትልቁን ካወጣህ ያስጠይቅሃል፤ ምንም የለብኝም ካልክ ደግሞ ይብስብሃል። ተራዬ ሲደርስ እኔ፣ ብልጥ ነኝ ባዩ፣ ማንንም የማይነካ ጥፋት ፈልጌ ተነሳሁ። በሥራ ሰዓት ቡና አበዛለሁ አልኩ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ይህ አፌ አንዴ ከተከፈተ አይመለስምና ከነገ ጀምሮ አንድ ሲኒ እንኳ እንደማልቀምስ ቃል ገባሁ። ተጨበጨበልኝ። ሰብሳቢያችን ሌሎችም ከእኔ እንዲማሩ አሳሰበ።

ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ ክርና ቁልፍ የሚሸጥ የወሎ ሰው ጎረቤት ነበረኝ። ወሬውን ሲሰማ እንደዚህ ባንድ ጊዜ አይተውም አለኝ፤ እሱ ረመዳን ሳይገባ ቀደም ብሎ ሲኒውን እየቀነሰ ነው የሚቆየው፣ አለዚያ የመጀመሪያዎቹን የጾም ቀናት ራሱን በጨርቅ አስሮ ነው የሚውለው። ይህ የወኔ ማነስ እንደሆነ አስረዳሁት።

ሰኞ እስከ ቀትር ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም ራጉኤል ድረስ እየዞርኩ ለማውቀው ሁሉ ጎረርኩ። ወደ ማታ ከዓይኔ ጀርባ ከበድ ይለኝ ጀመር። ማክሰኞ ጭንቅላቴ እንደ ልብ ትርታ ይመታ ነበር። ያዛጋኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሰው ሲያናግረኝ እናደዳለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ደግሞ የዋዛ ጨርቅ አይደለም። እሑድ ልጃቸውን የሚድሩ አባት ለሙሉ ልብስ ያመጡት ሱፍ ነው፤ ያን ጊዜ ገበያ ላይ አይገኝም፣ በስንት ልመና ከዘመድ ያገኙት ነው። መቀሱ አንዴ ከሳተ መተኪያ የለውም። በጠመኔ አሰምሬ መቀሱን አነሳሁ፤ መስመሩ ሲደበዝዝብኝ መልሼ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ ባለቤቴ የራስ ምታት ክኒን ሰጠችኝ። ብዙም ሳይቆይ ራሴን ቀለል አለኝ፤ ሱሪውን ቆረጥኩ። ማታ ግን ተመልሶ መጣ። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ዋጥኩ፣ እንደገና ለቀቀኝ፣ ከሰዓት እንደገና ያዘኝ። እንግዲህ ይህ የአንጎል በሽታ ነው ብዬ ወሰንኩና የልብስ ስፌት መኪናዬን ለማን እንደምትሰጥ ለባለቤቴ መናዘዝ ጀመርኩ።

"መጀመሪያ የሰውየውን ኮት ጨርስ" አለችኝ።

ክኒን ልጨምር ባዶ መጠቅለያውን ይዤ መሳለሚያ አጠገብ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ነጭ ጋውን የለበሰችው ባለሙያ መቼ እንደጀመረኝ፣ የት የት እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ። ቀጥላም፣

"ቡና ይጠጣሉ?"

"ትቻለሁ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ጠዋት ቤት፣ ቀን ሱቅ፣ ማታ ቤት የምጠጣውን ሁሉ ሰኞ እንደተውኩ ነገርኳት።

ሳቋን ዋጥ አደረገችው። "የያዘዎት የቡናው መቅረት ነው። ቡና የራስ የደም ሥሮችን ጠበብ ያደርጋል፤ የለመደ ሰው ባንድ ጊዜ ሲተው ይሰፋሉ፣ የሚመታዎት እሱ ነው። ሻይም ያው ነው። የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃል፣ ከዚያ ትንሽ የሚዘልቅበትም ሰው አለ።"

"ክኒኑ ግን ያድነኛል።"

"ያድንዎታላ! ክኒኑ ውስጥም እኮ ያው የቡናው ካፌይን አለበት። በሲኒ የተዉትን በክኒን እየወሰዱ ነው። በዚህ ከቀጠሉ ያራዝሙታል እንጂ አይገላገሉትም።"

ጠቅልዬ ልተወውና ይለፍልኝ ብል ኮቱ ለእሑድ እንደማይደርስ ነገርኳት። ስለዚህ ትንሽ ቡና ጠጥቼ በየጥቂት ቀኑ እንድቀንስ መከረችኝ። ጎረቤቴ በነጻ የነገረኝን ነው እንግዲህ መሳለሚያ ድረስ ሄጄ የሰማሁት።

የማኅበሩ ሰው እንዳያየኝ ወደ ክር ሱቁ ገባሁና በሩን ገርበብ አደረግኩት። ጎረቤቴ ከፔርሙሱ ግማሽ ሲኒ ቀዳልኝ።

"ምነው፣ ረመዳን ገባ እንዴ ተደብቀህ የምትጠጣው?" አለኝ።

ሲኒውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁልፍ እየለየሁለት ቆየሁ። ሱቄ ስመለስ ራሴን ለቆኝ ነበር። ኮቱን ቆርጬ ሰፋሁት፤ አባትየው ቅዳሜ ማታ ለክተው ይዘውት ሄዱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ስፈራ ሰብሳቢያችን ፊቱን አጨፍግጎ፣ በሆነ ባልሆነው እየተቆጣ ቶሎ በተነው። ስንወጣ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። የእኔን አርአያ ተከትሎ ከትናንት ወዲያ ቡና ትቷል።

"ጓድ፣ ይሄ ራስ ምታት ስንት ቀን ነው የሚቆየው?" አለኝ፣ ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ።

የሰማሁትን ነገርኩት። ከዚያ ወደ ክር ሱቁ ይዤው ሄድኩ።