አንደኛ የወጣው ካሲኖ

የልጄ ባል ደመወዙን በኢንተርኔት ካሲኖ ሊጫወትበት ተነሣ። የሚከፍልበትን የባንክ ካርድ የሚያውሰው ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ ነው። አማቼ ሆሳዕና ከተማ ኢንተርኔት ቤት አስቀምጦኝ የካሲኖዎችን የደረጃ ዝርዝር አነበበልኝ።

«አባባ፣ አንደኛው ይኼ ነው። መርምረው ነው ያወጡት።»

«መጥፎውስ የትኛው ነው?»

«መጥፎ የለም። አሥሩም ካሲኖዎች ከአሥር ነጥብ ከዘጠኝ በላይ አግኝተዋል።»

ስንት ዓመት የከብት ደላላ ሆኜ መጥፎ የሌለበት ገበያ አላየሁም። «ታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብልኝ» አልኩት።

እያጉረመረመ አነበበ። በዚህ ገጽ በኩል ገብቶ ለሚመዘገብ ሰው ካሲኖው ለገጹ ኮሚሽን ይከፍላል፤ ክፍያው ቅደም ተከተሉን ሊነካ ይችላል ይላል።

ልቡ ስላልተመለሰ ሌላ ዝርዝር ከፈተ። የቅድሙ አንደኛ እዚያ ሰባተኛ ነው፤ ያቺ ጽሑፍ ግን እዚያም አለች።

«ሦስተኛ ልፈልግ?»

«እኔን አታድክመኝ፤ ሁሉም ደላላ ነው። የተጫወቱት ሰዎች ራሳቸው የጻፉትን ፈልግ።»

ፈለገ። ያሸነፉትን ገንዘብ ማውጣት አቅቷቸው የሚያማርሩት ስለዚያው መጀመሪያ ስላነበበልኝ አንደኛ ነበር። ደመወዙ ተረፈ፤ እሱ ግን ሁለት ቀን አኮረፈኝ።