ላሜራው ዝም ሲል የተሰማው ድምፅ

ያን ዓርብ ጠዋት ከግምጃ ቤቱ ጀርባ አምስት ሰዎች ነበርን። መጀመሪያ የደረሱት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። ቀጥሎ ዘበኛው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ዱላቸውን በብብታቸው የያዙ ሽማግሌ። ሦስተኛው የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ ከኔ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው። አራተኛዋ ግቢያቸው ከኛ ጋር በአንድ ግንብ የሚዋሰን፣ ጫት ወደ ድሬዳዋ የሚልኩ ነጋዴ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት «አዴ»፣ እናት፣ ነው የሚላቸው። አምስተኛው እኔ። በዚያ የአሰበ ተፈሪ የእንስሳት ሕክምና መሥሪያ ቤት የጥገና ሠራተኛ ተብዬ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲፈታና ሲገጠም አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ነው የለመድኩት።

የተሰበሰብነው ማሽኑ ስለሚንኳኳ ነው። ግምጃ ቤቱ ውስጥ አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል ነበረች፣ የከብት ክትባት የሚቀመጥባት። የክፍሏን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣው ማሽን ከጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተተክሏል፤ በላሜራ የተሸፈነ፣ ከፊቱ ማራገቢያ ያለው ትልቅ ሣጥን። ማራገቢያው ነፋሱን በውስጡ ባሉት ቱቦዎች መካከል ይስባል። ነፋሱ ከቆመ ማሽኑ ይግላል፣ ከጋለ ራሱን ያጠፋል፣ ከጠፋ ክፍሏ ትሞቃለች።

ሐሙስ ዕለት ከብት የሚጨርሰው የደስታ በሽታ ክትባት ከአዲስ አበባ መጥቶ ክፍሏ ሞልታለች። ሰኞ ሐኪሙ ይዞት ወደ ሚኤሶና ወደ አሰቦት ቆላ ሊወርድ ነው። በየቀበሌው ተነግሯል። ከሩቅ የሚመጡት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን መንዳት ጀምረዋል። ድሬዳዋ ላለው የማቀዝቀዣ መካኒክ ቴሌግራም ተመትቶለት ነበር፤ «ረቡዕ እመጣለሁ» የሚል መልስ መጣ። እስከ ሰኞ ያለው እኔ ብቻ ነኝ።

«ጀምር እስቲ» አለኝ ሐኪሙ። «ግን አታጥፋው።»

ሳላጠፋው መዳፌን ላሜራዎቹ ላይ ተራ በተራ እያሳረፍኩ ጫን ጫን አደረግኩ። የግራውን ስጫን ምንም የለም። የላዩን፣ ምንም። የቀኙን ታችኛ ጥግ ስጫን ኳኳታው ቀጥ አለ። ስለቀው ተመለሰ። ደግሜ ያዝኩት፣ ደግሞ ቆመ። ከአራቱ ቡሎኖች ሁለቱ ወድቀዋል፤ የቀሩት ሁለቱም ላልተዋል። ከአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ ከሥራቸው አስገባሁና አጠበቅኳቸው።

ኳኳታው ጠፋ። ኃላፊው መነጽራቸውን ከዓይናቸው አንስተው ሳቁ።

«ለዚህ ነው ቴሌግራም የመታነው? ለሁለት ቡሎን?»

«መካኒኩ ይምጣና ሻይ ጋብዘን እንሸኘዋለን» አለ ሐኪሙ።

እኔ አልሳቅኩም። ላሜራው ዝም ሲል ከሥሩ ሌላ ድምፅ ወጥቷል፤ ቀጭን፣ ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማ ሲጥታ። እዚያው የነበረ ነው፤ ኳኳታው ሸፍኖት ኖሯል። በሥራዬ ገና የተደሰቱትን ሰዎች ማስደንገጥ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው እስኪሰማው እየጠበቅኩ ነበር።

የሰሙት አዴ ናቸው። «ይሄ ማልቀሱን አልተወም እኮ» አሉ። «እኔ የመጣሁት ለኳኳታው መሰላችሁ? ኳኳታው ምን አደረገኝ። ይሄኛው ነው ሁለት ወር ሙሉ በግንቡ አልፎ ጭንቅላቴን የበላው።»

«እሱ ምንም አይደለም» አሉ ዘበኛው ረጋ ብለው። «ጠዋት ጠዋት ነው። ዘይት ሳጠጣው ይተኛል።»

ሁላችንም ወደሳቸው ዞርን።

«ምን ዘይት አባባ?» አልኩ።

«የኑግ ነዋ። ከምሳዬ ቀንሼ። ላባ ነክሬ በማራገቢያው መከለያ ሽቦ ቀዳዳ በኩል እቀባዋለሁ። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሲያለቅስ ዝም ብዬ ልየው?»

«እርስዎማ ደግ ነዎት» አሉ አዴ፣ «በሚቀጥለው ፍትፍት ያጉርሱት።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። የኑግ ዘይት ግን ለአንድ ቀን ብቻ ያለሰልሳል፤ ከዚያ በሙቀት ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ሲይዝ ሲጥታው ይመለሳል፣ ሲጥ ሲል ሌላ ዘይት ይመጣል። ሁለት ወር እንዲህ ከሄደ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ኳሶች ምን ላይ እንደሚንከባለሉ አላውቅም።

ረጅሙን ካቻቢቴ አንስቼ ጫፉን ማራገቢያውን የሚያዞረው ዲናሞ ጀርባ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ድምፁ አሸዋ የሚፈጭ ነበር። ዲናሞውን በእጄ ጀርባ ስነካው ፈጀኝ።

«ይሄ ላሜራ አይደለም» አልኩ። «ኩሽኔታው እያለቀ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ማጥፋት አለብኝ። የላሜራ ድምፅ ከሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። የኩሽኔታ ከሆነ ማራገቢያው እየዘገየ ሲሄድ ድምፁም አብሮት እየወረደ ይሰማል።»

«አይጠፋም!» አሉ ኃላፊው። ሳቃቸው የት እንደገባ አላውቅም። ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ወንድሜ። ማሽኑ ራሱ ቢቆም፣ ማሽን ቆመ ነው የሚባለው። አንተ ካጠፋኸው በኋላ ባይነሳ ግን አሻጥር ነው የሚባለው። ክትባቱን ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ልጆች አሉኝ።»

ያን ጊዜ «አሻጥር» የሚለው ቃል ሰው ያስወስድ ነበር።

«እስከ ሰኞ ይደርሳል?» አለኝ ሐኪሙ።

«አላውቅም። ዛሬም ሊቆም ይችላል፣ ለሳምንትም ሊሄድ ይችላል። እሑድ ማንም በሌለበት ከቆመ ግን ሰኞ ጠዋት ነው የምናውቀው።»

ሐኪሙ ክፍሏ በር ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አይቶ ተመለሰ። አራት ዲግሪ ነው። «ከስምንት እንዳያልፍ፤ ካለፈ ክትባቱ ይበላሻል» አለ። «አጥፋው። እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ዋናውን ማብሪያ አወረድኩ። ሲጥታው ከማራገቢያው ጋር አብሮ ወረደ፤ እየወፈረ፣ እየተንቋረረ። ጤነኛ ማራገቢያ መብራት ከጠፋበት በኋላ ለረጅም ጊዜ በራሱ ይሽከረከራል። ይሄኛው አምስት ዙር እንኳ ሳይሞላ እንደተያዘ ሰው ቀጥ አለ። ክንፉን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ሳነቃንቀው ዘንጉ ቤቱ ውስጥ ተወዛወዘ። በጣቴ ሳዞረው ጎረበጠኝ። ቡናማ ሙጫ ከዘንጉ ሥር ተጋግሯል።

«አሁን አብራው» አሉ ኃላፊው።

አበራሁት። ማራገቢያው አልዞረም፤ እምምም ብሎ ብቻ ቀረ። ያ ጥዝታ የላሜራም የኩሽኔታም አይደለም፤ መብራቱ ደርሶት መዞር ያቃተው ዲናሞ ድምፅ ነው። ትንሽ ቢቆይ ሽቦው ይቃጠላል። እጄ ከማሰቤ በፊት አጠፋው።

ኃላፊው ግንቡን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «አልኩህ» አሉ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «አልኩህ እኮ።»

ክንፉን በእንጨት ገፋ አድርጌ ማሽኑን ላስነሳው እችል እንደነበር ያኔም አውቅ ነበር። ከተነሳ ግን ማንም ድጋሚ እንድነካው አይፈቅድልኝም፤ እሑድ ደግሞ ይቆማል። ይህን ሐሳቤን ለማንም አልነገርኩም። የምጽፈውም አሁን ገና ነው። ሽፋኑን መፍታት ጀመርኩ።

ሐኪሙ የክፍሏን በር ማንም እንዳይከፍት ራሱ ፊቱ ቆመ። ዘበኛው የምፈታውን ቡሎን ሁሉ በኮፍያቸው ውስጥ ይቀበሉኝ ጀመር። ሽቦዎቹን የቱ ከየት እንደነበረ ክር አስሬ ምልክት አደረግኩባቸው። ዲናሞውን አውጥቼ ስከፍተው የኋላው ኩሽኔታ ደህና ነው፤ የፊተኛው፣ በክንፉ በኩል ያለው፣ ኳሶቹ ተቦርቡረዋል። ሙጫውን በቤንዚን ጠርጌ ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ፦ 6203።

«ይሄ ቁጥር መኪና ዲናሞ ላይ አለ» አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

«የኔዋ መኪና ከገለምሶ መንገድ ተጎትታ ከመጣች ጀምሮ ዶሮ ነው የሚተኛባት» አሉ አዴ። «ዲናሞዋ ግን አለ። የገደላት ሞተሯ ነው፤ እሱ ምን አጠፋ?»

በግንቡ ላይ ተሻግሬ ዲናሞውን አወረድኩ። ፈትቼ ኩሽኔታውን አየሁ። ቁጥሩ አንድ ነበር። ኩሽኔታውን አጥቤ ጆሮዬ አጠገብ በጣቴ አዞርኩት፤ አዲስ አይደለም፣ ግን አይጎረብጥም። ግራሶ ሞላሁበት። ዘንጉ ላይ ሳስገባ የውስጠኛውን ቀለበት ብቻ በቧንቧ ቁራጭ እየመታሁ ነው፤ ውጭኛው ከተመታ ኳሶቹ ይጎዳሉ። ይህን ከወፍጮ ቤት ነው የማውቀው። በየምቱ መካከል ሐኪሙ ከበሩ ቴርሞሜትሩን እያየ «ስድስት» ይላል። «ስድስት ተኩል» ይላል። ኃላፊው በየቁጥሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ገጥሜ ስጨርስ ከቀትር አልፏል። ክንፉን በጣቴ ገፋሁት። ዞረ፣ ዞረ፣ እንደገና ዞረ። ዘበኛው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ገና ሳላበራው። አበራሁት። ነፋስ ብቻ ተሰማ። አዴ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘንብለው ቆይተው «አሁን እንግዲህ የራሴን ሐሳብ ልሰማ ነው» አሉ።

ሰኞ ሐኪሙ ወረደ። ረቡዕ መካኒኩ መጣና ቆሞ አዳመጠ። ጎማ የገባባቸውን ቡሎኖች አይቶ «ማነው የነካው?» አለ። ኃላፊው «ላሜራው ላልቶ ነበር፤ ጠበቀ» አሉት። መካኒኩ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

እኔን እስከ ዛሬ የማያስተኛኝ ግን ቴርሞሜትሩ ነው። ከማብራቴ በፊት መጨረሻ ላይ ሦስታችን አየነው። ኃላፊው «ሰባት ተኩል ነው» አሉ። ሐኪሙ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አላነበበውም፤ አጎንብሶ አየና «ይበቃል» ብሎ ዞረ። እኔ ያየሁት መርፌው ከስምንት አለፍ ብሎ እንደነበር ነው፤ ያየሁት ግን ከጎን ነው፣ ከጎን የታየ መርፌ ያታልላል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ስለዚህ በዚያ ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ ካላችሁ፣ መርፌውን በትክክል ያየ ይንገረኝ። የአዴ ልጆችም እናታችሁ ስለዚያ ቀን ያወሩትን ጨምሩልኝ፤ ማሽኑ ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደቆየ ነግረዋችሁ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን በዚያ ሰሞን ሚኤሶ ወይም አሰቦት ከብቱን ከሐኪሙ ያስከተበ ሰው ካለ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው፦ ከብቶችህ ከዚያ በኋላ ታመሙ ወይስ ደህና ከረሙ?