ከሃያ አምስት ወደ ሠላሳ አምስት

ሰበታ ዳር ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የስንዴ ሲሎዎችን ሙቀት የምከታተል ኦፕሬተር ነበርኩ። በየሲሎው ውስጥ ከጣሪያ እስከ ታች ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ ገመዶቹ ላይ ያሉት ሴንሰሮች የእህሉን ሙቀት ያነባሉ፤ እህል መበላሸት ሲጀምር ይሞቃልና። ሙቀቱ ከተቀመጠለት ልክ ሲያልፍ አላርሙ ይጮኻል።

ያን ሰሞን ሦስተኛው ሲሎ ከሰዓት በኋላ መጮኹን አልተው አለ። ስንዴው እስከ ግማሽ ብቻ ስለነበር የላይኞቹ ሴንሰሮች የሚያነቡት እህሉን ሳይሆን ፀሐይ ካጋለው ቆርቆሮ ሥር ያለውን አየር ነው። እኛም ስክሪኑን ሳናይ አላርሙን ማጥፋት ለመድን። የምርት ኃላፊው ይህ አሰጋው፤ እውነቱን ነው። ያመጣው መፍትሔ ግን የሁሉንም ሴንሰር ልክ ከሃያ አምስት ዲግሪ ወደ ሠላሳ አምስት ከፍ ማድረግ ነበር።

"አየር ላይ ያሉትን ብቻ ከአላርሙ እናውጣ፤ እህል ውስጥ ያሉት በነበሩበት ይቆዩ" አልኩት።

"እሱ የሴንሰር ባለሙያዎች ሲመጡ ይታያል። ለጊዜው ይኸው ነው።"

የፈረቃ ርክክብ ደርሶ ስለነበር ማስታወሻውን ጻፍኩ፦ "የሦስተኛው ሲሎ የአላርም ልክ በምርት ኃላፊው ትእዛዝ ለሁሉም ሴንሰሮች ከ25 ወደ 35 ከፍ ብሏል። አላርሙ ዝም አለ ማለት እህሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ንባቡን ከትናንቱ ጋር አስተያዩ። እህል ውስጥ ያለ ሴንሰር መጨመሩን ካላቆመ 35 እስኪደርስ ሳትጠብቁ አሳውቁ።"

ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ አነበበው።

"'አላርሙ ተስተካክሏል' በይ። ይበቃል።"

"አልተስተካከለም። ከፍ ነው ያለው።"

"እኔን ለመክሰስ ነው?"

"ለሚረከበኝ ሰው ነው። ከፈለግክ ሌላ ጽፈህ አንተ ፈርም፤ እኔ እዚያ ላይ አልፈርምም።"

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ነሽ።"

ፈረምኩ። ተረካቢዬ የተፍኪ ሰው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ኦፕሬተር ነበሩ። ቀስ ብለው አንብበው "ከእህሉ ውስጥ የቱን በተለይ ልይ?" አሉኝ። የመሐለኛውን ገመድ አሳየኋቸው። "ገብቶኛል፣ ኢንታላ ኮ" አሉ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ፈረሙ።

ማሸጊያ ክፍል ዱቄት እየለበስኩ ከረጢት ስሰፋ ሰነበትኩ። አላፈርኩም። የሚያየኝን ሁሉ ቀና ብዬ አየሁት።

አንድ ቀን ጠዋት እኚያ ኦፕሬተር መጡ። የመሐለኛው ገመድ በየቀኑ ሲጨምር ቆይቶ ሠላሳ አንድ ደርሷል፤ አላርሙ ትንፍሽ አላለም። ሄደው ለኃላፊው ነግረውት፣ እሱም ሳያመነታ ስንዴው ወደ ባዶ ሲሎ እንዲገለበጥ አዘዘ። ከመሐል እርጥብ፣ የተጓጎለ፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ስንዴ ወጣ። ጣሪያው ያፈስ ኖሯል። የተበላሸው ተለይቶ ተጣለ፣ የቀረው ዳነ።

ከሰዓት ኃላፊው ራሱ መጣ።

"ወደ ቦታሽ ተመለሺ።"

"እህል ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ልክ ወደ ነበረበት ይመለስ። ከእንግዲህም የሚቀየር ልክ ሁሉ ከነምክንያቱና ካዘዘው ሰው ስም ጋር ይጻፍ። ያኔ እመለሳለሁ።"

"ቅድመ ሁኔታ ልታስቀምጪልኝ?"

"አዎ።"

ዞሮ ሄደ። እኔም መስፋቴን ቀጠልኩ። በሳምንቱ ሁለቱም ተፈጸመ፤ ተመለስኩ። አላመሰገነኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።