የእንድሪስ ደንብ

እንድሪስ አራዳ ውስጥ ግራሞፎንና የእጅ ባትሪ በሚሸጥበት ሱቅ ሻጭ ነበር። የተበላሸ ዕቃ ሲመለስ አንዱ ሻጭ ይለውጣል፣ ሌላው ያባርራል፤ ጠቡ ሲበዛ ባለሱቁ አቶ ዓምደሚካኤል፣ "ሁላችንም የምንሠራበት ደንብ ጻፍ" አሉት።

እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ዕቃ በገዢው ፊት ተሞክሮ ይሸጥ። በስምንት ቀን ውስጥ የሥሪት ጉድለት ቢገኝበት ይለወጥ፤ ምትክ ከታጣ ገንዘቡ ይመለስ። ወድቆ የተሰበረ በገዢው ወጪ ይጠገን። ለባላባትም ለድሃም አንድ ነው።"

መጀመሪያ የመጣችው እህቱ ነሲባ ነበረች። ግራሞፎኗ ወድቆ ተሰብሯል።

"ለእኔም?" አለችው።

"ለአንቺም።" ነሲባ የጥገናውን ዋጋ ከፍላ፣ ተቀይማው ሄደች።

በማግስቱ የአንድ ፊታውራሪ አሽከር ከበቅሎ ጭነት ላይ የወደቀ ግራሞፎን አመጣ። አቶ ዓምደሚካኤል አዲስ አውጥተው ሰጡት።

"ደንቡስ፣ ጌታዬ?" አለ እንድሪስ።

"እሱ ለተራው ሰው ነው" አሉት።

ከሥራ ሲወጣ እህቱ ደጅ ሄዶ አንኳኳ። ነሲባ ከውስጥ፣ "ወንድም የለኝም" አለች፤ በሩንም አልከፈተችለትም።