ልጄ ለአዛዡ የተናገረው የሾፌሮች ቃል

ኮምቦልቻ፣ በእንግሊዞች ጦር ሰፈር በር ላይ እንቁላል ይዤ ቆሜ ሳለ የአዛዡ ፊት ሲጠቁር አየሁ፤ ልጄ እንደሚታሰር ያኔ ገባኝ። ልጄ እዚያ ሻይ አቅራቢ ነበር። አዛዡ እንግዶቻቸው መሀል ሆነው ሻዩ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቁት በእንግሊዝኛ «ብለዲ ጉድ» አላቸው። ዘበኞች ወዲያው ያዙት።

የአዛዡን አስተርጓሚ እጁን ይዤ ለመንሁት። «ምን አጠፋ ወንድሜ?»

«እጅግ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ግን ቃሉ ስድብ አለበት፤ የተከበረ ሰው ፊት አይባልም።»

ልጄ ትምህርት ቤት አልገባም። እንግሊዝኛውን የለቀመው ከሰፈሩ ወጣት እንግሊዝ ሾፌሮች ነው፤ እነሱ ደግሞ ለሻዩም ለጎማውም ይህችኑ ይላሉ።

«ሾፌሮቹ ለአዛዡ ይሏታል?»

«ኧረ ወላሂ አይሏትም፣ እርስ በርሳቸው እንጂ።»

«እንግዲያ ‹አንተ› የሚባባሉ ሰዎች ቃል ናት። ልጄ ‹እርስዎ› ለሚባል ሰውም የምትባል መስሎት ነው። እንዲህ ብለህ ንገርልኝ።»

ነገራቸው። አዛዡ አንዱን ሾፌር አስጠሩ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «እኛ ነን ያስለመድነው» አለ። ልጄን ለቀቁት።

በጭነት መኪና ወደ ደሴ ስንወጣ «አዲስ ቃል ስትሰማ ማን ለማን እንዳለው እይ» አልሁት። «ትንሹ ለትልቁ ሲለው ካልሰማህ፣ አንተም ተወው።»

«ለሾፌሮቹስ፣ እማ?»

«እነሱ ቀድመው ካሉህ በላቸው። ግን መጀመሪያ ዙሪያህን እይ።»

ቧንቧ ውሃ ሰፈራችን ደርሰን በራችንን ዘጋሁ። ልጄ አጠገቤ ነው። አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ገብተናል።